ንረቱ ወረደ፣ ሽንኩርቱ ግን አልወረደም፦ ያለ ግራፍ በጉሊት የሚነገር ትምህርት

11ኛ ክፍል ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዋጋ ንረትን ላስረዳ ተነሳሁና ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ሳልኩ። መስመሩ ከታች ይነሳል፣ ሽቅብ ይወጣል፣ ጫፍ ላይ ይደርስና ቁልቁል ይመለሳል። በእኔ ቤት ጥሩ ግራፍ ነው።

ፊት ወንበር ላይ ሁለት ዓይነ ስውር ተማሪዎች ይቀመጣሉ። የምናገረውን በብሬል እየጠቀጠቁ ይይዛሉ። አንደኛው እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ መስመሩ አሁን ወዴት እየሄደ ነው?»

«እየወረደ ነው።»

«እንግዲያው ዋጋ ቀነሰ ማለት ነው?»

አይደለም ልለው አፌን ስከፍት የሌሎቹን ደብተር አየሁ። ግማሹ ክፍል «ዋጋ ቀነሰ» ብሎ ጽፏል። የሚያዩት እንዲያውም ይበልጥ እርግጠኞች ናቸው፤ መስመሩ ሲወርድ በዓይናቸው አይተዋላ። ልጁ ግን ስላላየ ጠየቀ።

እኔ የሳልኩት ዋጋን አልነበረም። ዋጋ በዓመት ውስጥ በመቶኛ ስንት እንደጨመረ ነበር። ያ መስመር እየወረደም ዋጋ መውጣቱን ይቀጥላል። ነገር ግን ዓይን ቁልቁል የሚሄድ መስመር ካየ በኋላ በቃል ማረም ከባድ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ትምህርት ያለ ግራፍ፣ በአፍ ብቻ ነው የማስተምረው። ለጆሮ የሚሆን ጽሑፍ አዘጋጀሁ፤ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ አርመዋለሁ። እዚህ የምጽፈው እሱን ነው፤ የት እንደሚሠራና የት እንደሚያነክስ ጭምር።

ጽሑፉ የሚጀምረው ጉሊት ላይ ነው። ክፍሌ ውስጥ ሱፐርማርኬት ገብቶ የማያውቅ ተማሪ አለ። ሽንኩርት ግዛ ተብሎ ጉሊት ያልተላከ ግን የለም። ባለ ጉሊቷን «እትዬ» ብለን እንጠራቸዋለን። ሸራ አንጥፈው፣ ጃንጥላ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ቲማቲሙን፣ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውን በመደብ በመደብ ደርድረውታል። አንዱ መደብ 20 ብር።

እንዲህ ብዬ እጀምራለሁ፦

«አምና ልክ በዚህ ወር እናታችሁ 20 ብር ሰጥታ ላከቻችሁ። እትዬ መደቡን ሰጧችሁ። ቆጠራችሁት፤ 6 ራስ ሽንኩርት ነው። ዘንድሮም 20 ብር ይዛችሁ ሄዳችሁ። እትዬ አሁንም ‹መደቡ 20 ብር› አሉ። ቆጠራችሁት፤ 4 ራስ ነው። ዋጋ ጨመረ ወይስ አልጨመረም?»

ከክፍሉ ጥቂቱ «አልጨመረም» ይላል። ያው 20 ብር ነው! ትንሽ ከቆየ በኋላ አንዱ ያጉረመርማል። ያኔ ሒሳቡን እንሠራለን። አምና አንዱ ራስ 3 ብር ከ33 ሳንቲም ገደማ ነበር። ዘንድሮ 5 ብር ነው። መደቡ ያነሰው በሲሶ ነው፣ ዋጋው የጨመረው ግን በግማሽ፤ 50 በመቶ። ይህች ልዩነት ብዙ ጊዜ ታጨቃጭቀናለች። አታካሮው ለእኔ ጥሩ ነው፤ ዋጋ የሚባለው ብሩ ብቻ ሳይሆን ብሩ የሚያመጣው ነገር መሆኑን እኔ ሳልነግራቸው ይደርሱበታል። ዳቦ ቤት የሄደ ልጅም ወዲያው ያነሳዋል፤ ዳቦው ያው ዳቦ ነው፣ ክብደቱ ግን ሌላ።

እዚህ ላይ አንድ የአነጋገር ብልሃት አለ። «50 በመቶ» ሲባል ብዙ ተማሪ የሚሰማው 50 ብር ነው። በሰሌዳ ላይ ምልክቱን ያያል፣ በጆሮ ግን ቁጥሩ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ «በመቶ» አልልም። «በየመቶ ብሩ ላይ 50 ብር ተጨመረ» እላለሁ። ይረዝማል፣ ግን አይምታታም። ሁለተኛው ልማዴ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከአንድ ቁጥር በላይ አለመናገር ነው። ግራፍ ላይ ያመለጠው ሰው ተመልሶ ያያል። ጆሮ ግን ተመልሶ አያዳምጥም፣ እኔ ካልደገምኩለት በቀር።

ሁለቱ ድምፆች

ቀጥሎ ሽንኩርቱን ትተን ዘንቢሉን እናነሳለን። ዘንቢል ስል የአንድ ቤት የወር አስቤዛ ማለቴ ነው፤ ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ሳሙናው። ለሒሳብ እንዲመች ዘንቢሉ መጀመሪያ በ1,000 ብር ይሞላል እንበል። ዛሬ በ1,000 ብር ምን እንደሚሞላ ሁላችንም እናውቃለን፤ ተማሪዎቹም ይስቃሉ። ይሳቁ፣ ቁጥሩ ክብ መሆኑ ነው የሚያስፈልገኝ።

ሁለት ተማሪዎች አስነሳለሁ። አንደኛው የዘንቢሉን ዋጋ ይናገራል። ሁለተኛዋ በየመቶ ብሩ ላይ ስንት እንደተጨመረ ትናገራለች። የሚናገሩት ቁጥር ከጨመረ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ከቀነሰ ዝቅ ይላል። ዓመተ ምሕረቱን እኔ እጠራለሁ።

«መነሻ ዓመት።» አንደኛው፦ «አንድ ሺህ!» ሁለተኛዋ ዝም።

«አንደኛ ዓመት።» «አንድ ሺህ ሦስት መቶ!» «ሠላሳ!»

«ሁለተኛ ዓመት።» «አንድ ሺህ አምስት መቶ ስልሳ!» «ሃያ።»

«ሦስተኛ ዓመት።» ልጁ በሙሉ ድምፁ ይጮኻል፦ «አንድ ሺህ ሰባት መቶ አሥራ ስድስት!» ልጅቷ በሹክሹክታ፦ «አሥር።»

ክፍሉ ያኔ ነው የሚገባው። አንደኛው ድምፅ እየጮኸ፣ ሁለተኛው እየሾከሸከ፣ ሁለቱም ስለ አንድ ዘንቢል ነው የሚያወሩት። ራዲዮ «የዋጋ ንረቱ ቀነሰ» ሲል የሚያስተላልፈው የልጅቷን ድምፅ ነው። እናት ከገበያ ስትመለስ የምትናገረው ደግሞ የልጁን። ሁለቱም አልዋሹም።

በነገራችን ላይ ይህን ልዩነት አማርኛችን ቀድሞ ለይቶታል፣ እኛ ነን የምንደባልቀው። «ናረ» የእንቅስቃሴ ቃል ነው። ሽቅብ ተተኮሰ፣ ከፍ ከፍ አለ እንደማለት ነው። ስለዚህ ንረት መውጣቱ ነው፤ የሚወጣበት ፍጥነት። «ውድነት» ደግሞ ሁኔታ ነው፤ ወጥቶ የደረሰበት ቦታ። ንረቱ ሲቀንስ ውድነቱ እዚያው ቁጭ ብሏል። ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ሲምታታባቸው «ይሄ ናረ ነው ወይስ ተወደደ?» ብለው ራሳቸውን እንዲጠይቁ እነግራቸዋለሁ። አንዳንዴ የታክሲ ምሳሌ እጨምራለሁ፦ በ60 ሲበር የነበረው ሚኒባስ ፍጥነቱን ወደ 20 ቢያወርድ ወደ ተሳፈርንበት ፌርማታ አልተመለሰም። ምሳሌው ይገባቸዋል፣ ግን ብር ስለሌለበት ብዙ ርቀት አይወስድም።

አሁን ትንሽ ወጥመድ አስቀምጣለሁ። «በሦስቱ ዓመት ውስጥ በጠቅላላው በየመቶ ብሩ ላይ ስንት ተጨመረ?» ሁሉም ባንድ አፍ «60!» ይላል፤ ሠላሳ፣ ሃያና አሥር ደምረው። ልጁን «ዘንቢልህ ስንት ነው?» እለዋለሁ። «1,716።» ከ1,000 የጨመረው 716 ነው። በየመቶው 71 ብር ከ60 ሳንቲም ማለት ነው። 11 ብር ከ60ው ከየት መጣ? ሁለተኛው ዓመት 20 የጨመረው በአምናው 1,300 ላይ እንጂ በ1,000 ላይ ስላልሆነ ነው። ጭማሪው በጭማሪው ላይ ይጨመራል። ደሞዝ ሲጠየቅ ይህ ስሕተት ዋጋ ያስከፍላል። ሦስቱን ቁጥሮች ደምሮ 60 በመቶ የደሞዝ ጭማሪ ያገኘ ሰው ከዘንቢሉ ወደ ኋላ ቀርቷል።

የሚቀጥለው ጥያቄ ሁልጊዜ ከተማሪ ነው የሚመጣው፦ «ታዲያ መቼ ነው ወደ 1,000 የሚመለሰው?» ለመመለስ ንረቱ ዜሮ መሆኑ እንኳ አይበቃም። ዜሮ ከሆነ ዘንቢሉ 1,716 ላይ ይቆማል። ወደ 1,000 እንዲመለስ ዋጋ በሙሉ ከ40 በመቶ በላይ መውደቅ አለበት። ሽንኩርት ብቻውን እንዲህ ሊወድቅ ይችላል፤ ከመኸር በኋላ አይተነዋል። ዘንቢሉ እንዳለ እንዲህ የወደቀበት አገር ቢገኝ ግን ነጋዴው እየከሰረ፣ ሠራተኛው እየተባረረ ነው። የማዕከላዊ ባንኮች ዓላማም መመለስ አይደለም፤ አወጣጡን ማዝገም ነው። ይህን ስናገር ክፍሉ ይከፋዋል። እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም የምናገረው።

የአገራችንን ቁጥር የማመጣው ከዚህ በኋላ ነው፣ በግርድፉ። በ2014 ዓ.ም ማብቂያ አካባቢ ዓመታዊው ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በ2016 ማብቂያ ከ20 በታች ወረደ። በ2017 ማብቂያ ደግሞ ከ15 በታች። የልጅቷ ድምፅ ሾከሸከ ማለት ነው። የልጁ ድምፅ ግን ከዓመት ዓመት ሲታይ አንድም ጊዜ ዝቅ አላለም።

ሽንኩርት ሲጮኽ፣ ጤፍ ዝም ሲል

ሌላው ስሕተት አንዱ ነገር በተወደደ ቁጥር ንረት ነው ማለት ነው። ክረምት ሲገባ ሽንኩርት ይወደዳል፤ በመስኖ የሚያመርቱት እነ መቂና ዝዋይ በዝናቡ ወራት ምርታቸው ይቀንሳል፣ የመጣውም ቶሎ ይበላሻል። አገር ሁሉ ስለ ሽንኩርት ያወራል። እውነት ለመናገር እኔም አወራለሁ።

ክፍል ውስጥ ግን ዘንቢሉን እንዘረግፋለን። በ1,000 ብሩ ዘንቢል ውስጥ ሽንኩርቱ የያዘው 40 ብር ነው እንበል፣ ጤፉ ደግሞ 500። ሽንኩርቱ እጥፍ ሆነ፤ ከ40 ወደ 80። ሌላው ባለበት ቆመ። ዘንቢሉ 1,040 ሆነ። ያ ሁሉ ጩኸት በየመቶ ብሩ ላይ 4 ብር ብቻ ጨመረ። አሁን ሽንኩርቱን መልሱትና ጤፉን በ10 በመቶ ብቻ ጨምሩ። 500ው 550 ሆነ፣ ዘንቢሉ 1,050። ማንም ሳይጮኽ ጤፉ ሽንኩርቱን በለጠ።

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣው ቁጥር በመሠረቱ ይኸው ዘንቢል ነው። ቤተሰቦች ገንዘባቸውን በምን ላይ እንደሚያወጡ ተጠንቶ ለእያንዳንዱ ዕቃ ድርሻ ይሰጠዋል። ምግብ ብቻውን ከዘንቢሉ ከግማሽ በላይ ይይዛል። ሪፖርቱ «ምግብ ነክ» እና «ምግብ ነክ ያልሆኑ» ብሎ የሚከፍለውም ለዚህ ነው። ምግቡ በዝናብና በመኸር ይወዛወዛል፣ ሌላው ዘገም ይላል። ሁለቱን ለይቶ ያልሰማ ሰው የአንድ ክረምት ሽንኩርት ሊያስደነግጠው ይችላል።

ዘንቢሉ የማንም ሰው ዘንቢል አለመሆኑንም እናገራለሁ። አማካይ ነው። ገቢው ዝቅ ያለ ቤት ከገቢው የበለጠውን ለምግብ ያወጣል። ምግብ ከሌላው ፈጥኖ በናረበት ዓመት የእሱ ንረት በራዲዮ ከተነገረው ይበልጣል። የቤት ኪራይ የሚከፍልና የራሱ ቤት ያለው ጎረቤታሞችም ያው አንድ ቁጥር ሰምተው የተለያየ ዓመት ነው የሚያሳልፉት።

እትዬን ማን ይካሳቸው

የጉሊት ምሳሌ አንድ ትልቅ አደጋ አለው፤ እኔም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ትምህርቱ አልቆ «ንረት ከምን ይመጣል?» ብዬ ስጠይቅ ከክፍሉ ብዙው «ከእትዬ» አለኝ። ትክክል ናቸው፤ ታሪኩ ውስጥ ዋጋ ስትናገር የተሰማችው ብቸኛ ሰው እሳቸው ናቸው። ሳላስበው ስግብግብ ነጋዴ አድርጌያቸዋለሁ። ስለዚህ አሁን የእትዬን ኪስ እንከፍታለን።

«እትዬ 2,000 ብር አላቸው። አትክልት ተራ ወርደው 50 ኪሎ ሽንኩርት በ40 በ40 ብር ገዙ። ብሩ አለቀ። ሳምንቱን ሙሉ ኪሎውን በ48 ብር ሸጡ። ምንም አልበሰበሰም እንበል። ስንት ያዙ?» 2,400። «ከዚህ ላይ ለቤትና ለመጓጓዣ 350 ብር ወጣ። ስንት ቀራቸው?» 2,050። «አተረፉ ወይስ ከሰሩ?» አተረፉ! 50 ብር።

«ሰኞ ተመልሰው አትክልት ተራ ሄዱ። ኪሎው 46 ብር ገብቷል። በ2,050 ብር ስንት ኪሎ ይገዛሉ?»

እዚህ ጋ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ማካፈል ስላለበት። መልሱ ከ44 ኪሎ ተኩል ትንሽ ይበልጣል። ባለፈው ሳምንት 50 ኪሎ ነበር። እትዬ አትርፈው ከ5 ኪሎ በላይ ጎደለባቸው። ብሩ በዛ፣ ሽንኩርቱ አነሰ። በዚህ ዓይነት ጥቂት ሳምንት ከቀጠሉ ሸራቸውን ያጥፋሉ።

ስለዚህ የሰኞውን ዋጋ ገና እሑድ ማታ ሲሰሙ፣ በ40 የገዙትን ሽንኩርት በ48 መሸጣቸውን ትተው 54 ይሉታል። ደንበኛው ይቆጣል፦ «በርካሽ የገዙትን እንዴት በውድ ይሸጣሉ?» እትዬ ግን የሚሸጡት የነገውን ሽንኩርት መግዣ ነው። ዋጋ የሚጨምሩት የትናንቱን ወጪ አይተው ሳይሆን የነገውን አስበው ነው። ይህ አስተሳሰብ ከጉሊት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ አከራይ ሲዛመት ንረት ራሱን መመገብ ይጀምራል። ሁሉም ነገ ይጨምራል ብሎ ስለሚያስብ ዛሬ ይጨምራል። ዕቃ ደብቆ የሚያስወድድ የለም አልልም፤ አለ። ነገር ግን ስግብግብነት በ2008 ዓ.ም አልነበረም፣ በ2014 ድንገት ተወለደ ብሎ ማሰብ ይከብዳል። የተለወጠ ሌላ ነገር መኖር አለበት።

ለዚያ «ሌላ ነገር» ቆርኪ እጠቀማለሁ። የለስላሳ ቆርኪ፣ በጣሳ። ጣሳው ሲነቀነቅ ይሰማል፤ የበዛው ጣሳ ድምፁ ይወፍራል፣ ያነሰው ይቀጥናል። ማየት አያስፈልግም።

አሥር ተማሪዎች እያንዳንዳቸው 5 ቆርኪ ይዘው ይቀመጣሉ። እኔ 10 ሎሚ አመጣለሁ። አንድ በአንድ በጨረታ እሸጣለሁ። ባለፈው ጊዜ አንዱ ሎሚ በ4ና በ5 ቆርኪ ሄደ፤ ለሁሉም ደረሰ። ከዚያ ሎሚውን ሰብስቤ መለስኩ፣ ቆርኪውንም እንደገና አከፋፈልኩ። ያው 10 ሎሚ ነው። ግን ጨረታው ከመጀመሩ በፊት ለሦስት ተማሪዎች ብቻ ተጨማሪ 10፣ 10 ቆርኪ ጣሳቸው ውስጥ ጣልኩላቸው። ድምፁን ሁሉም ሰማ። «ኧረ ቲቸር!» አለ ክፍሉ።

ሦስቱ 6፣ 7 እያሉ ሁለት ሁለት ሎሚ ወሰዱ። ለቀሩት ሰባት ልጆች 4 ሎሚ ተረፈ። ከሰባቱ ሦስቱ ባዶ እጃቸውን ቀሩ፤ ማንም ቆርኪያቸውን አልነካም፤ አምስቱም ጣሳቸው ውስጥ አለ። ይህን ጨዋታ ለሁሉም እኩል ጨምሮ መጫወትም ይቻላል፤ ያኔ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ሎሚው ግን እንደ ድሮው ለሁሉም ይደርሳል። ገንዘብ ግን እኩልና ባንድ ጊዜ ለሁሉም ታድሎ አያውቅም። አዲሱ ገንዘብ ቀድሞ የደረሰው ሰው በድሮው ዋጋ ይገዛል፣ መጨረሻ የደረሰው በአዲሱ ዋጋ።

በአገራችን ትልቁ የቆርኪ ምንጭ ለረጅም ጊዜ መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ የሚወስደው ቀጥተኛ ብድር ነበር። የበጀት ጉድለት ሲኖር ባንኩ ያበድራል፤ ሎሚው ሳይጨምር ቆርኪው ይጨምራል። ነሐሴ 2015 ላይ ባንኩ ይህን ብድር ካለፈው ዓመት ከሲሶው እንዳይበልጥ ወሰነ። ንግድ ባንኮች የሚሰጡት ብድርም በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ተጣለበት። ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ ከባንኮች ጋር ሲበዳደር መነሻ የሚያደርገውን የፖሊሲ ወለድ ተመን 15 በመቶ ብሎ አወጣ። የልጅቷ ድምፅ እየሾከሸከ የመጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በሦስተኛው ዙር ቆርኪውን አልነካም፤ ሎሚውን ከ10 ወደ 6 አወርዳለሁ። ዋጋው አሁንም ይወጣል። ድርቅ፣ ጦርነት፣ የተዘጋ መንገድ እንዲህ ነው የሚሠራው። በ2013 እና 2014 በአገራችን ሁለቱም ዙሮች ባንድ ላይ ነበር የሚጫወቱት፤ ለዚህ ነው «ከገንዘቡ ነው» እና «ከእጥረቱ ነው» የሚሉ ሰዎች ሁለቱም የያዙት እውነት ያላቸው።

ጉሊቱ የማይደርስበት

ስለ ዶላር ሲጠይቁኝ እትዬ ብዙም አይረዱኝም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ተማሪው ይህን ሰምቶ ንረቱም ወዲያው እጥፍ ይሆናል ብሎ ይጠብቃል። አልሆነም። አንዱ ምክንያት ብዙ አስመጪ ቀድሞውንም ዕቃውን ሲተምን የነበረው በጥቁር ገበያው ዶላር እንጂ በባንኩ አልነበረም። ሌላው፣ እንደ ነዳጅና ማዳበሪያ ያሉት በድጎማ ቀስ በቀስ እንዲስተካከሉ መደረጋቸው ነው። ሽንኩርቱ ዶላር የሚያውቀው በጭነት መኪናው ነዳጅ፣ በማዳበሪያውና በፀረ ተባዩ በኩል ነው። ይህን ለማስረዳት ከጉሊት ተነስቶ ጅቡቲ ወደብ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። እዚያ ላይ ምሳሌውን እተወዋለሁ፣ ወደ ሌላ ክፍለ ጊዜ።

ኪራይም አይገባም። ጉሊት ላይ ዋጋ በየቀኑ ይነቃነቃል። ኪራይ፣ ደሞዝ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ግን ዓመት ሙሉ ተኝተው አንድ ቀን በርግገው ይነሳሉ። እንዲህ ያለውን ዋጋ በመደብ ማሳየት አይቻልም።

የዚህን ምዕራፍ ፈተና በቃል ነው የምፈትነው፤ ለሁሉም። የዘንድሮው ጥያቄ ይህ ነበር፦ «አምና የ20 ብር መደብ 5 ራስ ሽንኩርት ነበረው። ዘንድሮ 4 ራስ ነው። ራዲዮው የዋጋ ንረት አምና 30 በመቶ እንደነበር፣ ዘንድሮ 25 እንደሆነ ተናገረ። እትዬ ‹ውሸት ነው፣ መደቤ አንሷል› አሉ። ማን ልክ ነው?»

ዘንድሮ ክፍሌ ውስጥ ያለችው ዓይነ ስውር ተማሪ ጣቷን ብሬሏ ላይ አድርጋ ትንሽ አሰበች። አምና አንዱ ራስ 4 ብር፣ ዘንድሮ 5 ብር፤ በየመቶ ብሩ ላይ 25 ተጨምሯል አለች። እትዬም መደባቸው አንሷል፣ ራዲዮውም ከ30 ወደ 25 ወርዷል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሙሉ ውጤት ልሰጣት ስል ቀጠለች።

«ግን ቲቸር፣ የራዲዮው 25 የዘንቢሉ ነው፣ የእትዬ የሽንኩርት ብቻ ነው። በአጋጣሚ ነው የገጠመው። ጥያቄው ትንሽ ያሳስታል።»

ጥያቄውን ለሚቀጥለው ዓመት አርሜዋለሁ።